ቁጥሩ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? የሕዝብ ፒራሚድ፣ የንግድ ሠንጠረዥና የዋጋ ግሽበት ግራፍ በፈተና ላይ

በ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ፈተናም ሆነ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የጂኦግራፊና የኢኮኖሚክስ ወረቀቶች ላይ፣ የሕዝብ ፒራሚድ፣ የወጪና ገቢ ንግድ ሠንጠረዥ ወይም የዋጋ ግሽበት ግራፍ ተሰጥቶ ከሥሩ ጥያቄ ሊከተል ይችላል። ተፈታኞች እነዚህን ጥያቄዎች የሚስቱት በአብዛኛው ትምህርቱን ባለማወቅ አይደለም። የውልደት መጠን፣ የንግድ ጉድለት ወይም የዋጋ ግሽበት ምን ማለት እንደ ሆነ ቢጠየቁ አሳምረው የሚመልሱ ተማሪዎች ሥዕሉ ፊት ሲደርሱ የሚሰናከሉት፣ የቀረበላቸው ቁጥር ምን ዓይነት ቁጥር እንደ ሆነ ሳያጣሩ ወደ ምርጫዎቹ ስለሚዘልሉ ነው።

በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ቁጥር በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው መጠን ነው፤ ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ዶላር፣ ይህን ያህል ቶን የሚል። ሁለተኛው ድርሻ ነው፤ ከጠቅላላው ውስጥ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ የሚናገር። ሦስተኛው የለውጥ ፍጥነት ነው፤ ካለፈው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በመቶ ስንት እንደ ጨመረ ወይም እንደ ቀነሰ የሚገልጽ። ፈተና አውጪ አሳሳች ምርጫዎችን ሲያዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን በሌላው ይተካል። በዚህ ምክንያት የተሳሳተው ምርጫ ከሥዕሉ ላይ በትክክል የተነበበ ቁጥር ይይዛል፤ ስሕተቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ስለ ቁጥሩ የተባለው ነገር ላይ ነው። ቁጥሩን ሥዕሉ ላይ ስላገኘው ብቻ ምርጫውን የሚያጠቁር ተፈታኝ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

የሚወርድ መስመር፣ የሚወጣ ዋጋ

ከሦስቱ ውስጥ ይህ ስሕተት በግልጽ የሚታየው በዋጋ ግሽበት ግራፍ ላይ ስለ ሆነ ከዚያ መጀመር ይሻላል። ለመለማመጃ እንዲሆን የአንድን አገር ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት የሚያሳይ ግራፍ እናስብ። በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 20 በመቶ፣ በሦስተኛው 10 በመቶ ነው፤ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። ጥያቄው በግራፉ መሠረት የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ይጠይቅና አራት ምርጫ ያቀርባል።

ሀ. የዕቃዎች ዋጋ በተከታታይ ቀንሷል።
ለ. በሦስቱ ዓመታት ዋጋ በድምሩ 60 በመቶ ጨምሯል።
ሐ. ዋጋ በየዓመቱ ጨምሯል፤ የጭማሪው ፍጥነት ግን ቀንሷል።
መ. በሦስተኛው ዓመት የገንዘብ የመግዛት አቅም ከመጀመሪያው ዓመት የተሻለ ሆኗል።

የእነዚህን ምርጫዎች እውነትና ሐሰት ለመለየት አንድን ቅርጫት ዕቃ በብር መከተል ይበቃል። ግሽበቱ ከመጀመሩ በፊት ቅርጫቱ 100 ብር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ሲጨመርበት 130 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ የሚጨመረው በ100 ላይ ሳይሆን በ130 ላይ ስለ ሆነ ጭማሪው 26 ብር ነው፤ ዋጋው 156 ይደርሳል። በሦስተኛው ዓመት የ156 አሥር በመቶ 15 ብር ከ60 ሳንቲም ነውና ቅርጫቱ 171 ብር ከ60 ሳንቲም ይሸጣል። ስለዚህ መስመሩ እየወረደ ባለበት በዚያው ጊዜ ዋጋው አንድም ዓመት አልወረደም። ምርጫ ሀ የለውጥን ፍጥነት በመጠን ተክቶታል። ምርጫ ለ ደግሞ 30፣ 20 እና 10ን በመደመር 60 አግኝቷል፤ ትክክለኛው ጠቅላላ ጭማሪ 71.6 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ዓመት ግሽበት የሚሰላው ከእርሱ በፊት በነበረው ዓመት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ እንጂ በመነሻው ላይ አይደለም። ምርጫ መ የሚያታልለው ግሽበቱ በመቀነሱ ሰዎች እፎይ ያሉ ስለሚመስል ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያው 100 ብር የሚገዛው ዕቃ በሦስተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ዓመት ያንሳል። መልሱ ሐ ነው።

ዋጋ በእውነት ቀነሰ የሚባለው የግሽበቱ መስመር ከዜሮ በታች ሲገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ተፈታኙ ከሁሉ አስቀድሞ ዜሮ የት እንዳለ መፈለግ አለበት። አንዳንድ ግራፎች ላይ ቋሚው መስመር ከዜሮ ሳይሆን ከ5 ወይም ከ10 ይጀምራል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ላይ ወለሉን የነካ መስመር ግሽበት ጠፋ ማለት አይደለም።

ይኸው መረጃ በሌላ ግራፍ፣ ማለትም በሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ መልክ ቢቀርብ ፍጹም የተለየ ይመስላል። ነጥቦቹ 100፣ 130፣ 156 እና 171.6 ይሆናሉ፤ መስመሩም ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ መጨረሻው ግን ይለዝባል። ሁለቱ ግራፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይቃረናሉ ወይስ ይስማማሉ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ይስማማሉ ብሎ መመለስ የሚችለው ርዕሱን ያነበበ ብቻ ነው። በኢንዴክስ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት የነጥቡን ልዩነት እንደ ፐርሰንት መውሰድ ነው። ከ130 ወደ 156 ሲኬድ ልዩነቱ 26 ነጥብ ነው፤ ግሽበቱ ግን 26 ለ130 ተካፍሎ 20 በመቶ ነው። 26 በመቶ የሚል ምርጫ ሲገኝ ከየት እንደ መጣ ማወቅ አያዳግትም።

መነሻውም መታየት አለበት። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሲጠቀምበት በቆየው ስሌት መነሻው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2016 ሲሆን፣ የዚያ ወር ዋጋ 100 ተብሎ ተይዟል። ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ወር ኢንዴክሱ 250 ቢሆን፣ ዋጋ ከመነሻው ሁለት ዕጥፍ ተኩል ሆነ ማለት ነው፤ ጭማሪው 150 በመቶ እንጂ 250 በመቶ አይደለም። ግራፉ ላይ ያለው ዓመት በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደ ተጻፈም አብሮ ይታይ፤ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው አንብቦ ከሚያውቀው ታሪክ ጋር ለማገናኘት የሚሞክር ተፈታኝ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ውስጥ ይገባል።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ ዓመታዊ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ዓመት ሳይቆይ ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ወረደ። ይህን ግራፍ የሚያይ ተማሪ ጤፉም ዘይቱም ወደ ቀድሞ ዋጋው የተመለሰ ቢመስለው አይፈረድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዓመታዊ ግሽበት የሚሰላው የዘንድሮውን ወር ዋጋ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ዋጋ ጋር በማነጻጸር ነው። በ2001 ዓ.ም. ክረምት ማነጻጸሪያው ቀድሞውኑ ሰማይ የነካው የ2000 ክረምት ዋጋ ስለ ነበር፣ ዋጋው እዚያው ከፍታ ላይ ቢቆም እንኳን ግሽበቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጥያቄው ለምን በድንገት ወረደ የሚል ከሆነ፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ ይህን የማነጻጸሪያ ጉዳይ የሚያነሣውን መፈለግ ይገባል።

ግሽበት ከ20 በመቶ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ በሁለት መንገድ ሊገለጽ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በፐርሰንቴጅ ፖይንት ከተነገረ የቀነሰው 10 ነው፤ በመቶኛ ከተነገረ ደግሞ ግሽበቱ በ50 በመቶ ቀንሷል። ምርጫዎቹ ውስጥ «በ10 በመቶ ቀንሷል» የሚል ካለ ግን የትኛውም አይደለም። ይህ ነገር የቃላት ጭቅጭቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በምርጫ ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከግሽበት ጋር የደመወዝ ጥያቄ ተያይዞ ይመጣል። ከላይ ባለው ምሳሌ መነሻው ላይ 5,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ኑሮው ባለበት እንዲቆይ 8,580 ብር ያስፈልገዋል፤ 5,000ን በ171.6 አባዝቶ ለ100 ማካፈል ነው። ደመወዙ 8,000 ቢሆን ጭማሪው 60 በመቶ ነው፤ ሆኖም የመግዛት አቅሙ ቀንሷል። ምርጫ ለ ላይ 60 በመቶ ብሎ የመለሰ ተማሪ በዚህኛው ጥያቄ ላይም ሠራተኛው ባለበት ቆመ ብሎ ይመልሳል፤ አንዱ ስሕተት ሁለት ነጥብ ያስጥለዋል።

የፒራሚዱ ሥር ሲጠብ

የሕዝብ ፒራሚድ በየአምስት ዓመቱ የተከፋፈለ የዕድሜ ክልልን ከታች ወደ ላይ ይደረድራል፤ በአንድ በኩል ወንዶችን፣ በሌላው ሴቶችን ያሳያል። ሁሉም ተማሪ የሚያውቃት ሕግ አለች፤ ሥሩ ሰፊ ከሆነ ውልደት ከፍተኛ ነው፣ ሥሩ ከጠበበ ውልደት ቀንሷል፣ ጫፉ ከሰፋ አረጋውያን በዝተዋል። ሕጓ አትጠላም፤ የምትሠራው ግን የአግድሙ መስመር መለኪያ ከታወቀ በኋላ ነው። መለኪያው በሚሊዮን የተጻፈ የሰው ብዛት ሊሆን ይችላል፤ ከጠቅላላው ሕዝብ የተወሰደ ፐርሰንት ሊሆንም ይችላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየት ሕዝቧ 50 ሚሊዮን የሆነ አገር እናስብ። ከዚህ ውስጥ 46 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ነው፤ 23 ሚሊዮን ሕፃናትና ልጆች ማለት ነው። ከ25 ዓመት በኋላ ሕዝቡ 100 ሚሊዮን ሆነ፤ የልጆቹ ድርሻም ወደ 40 በመቶ ወረደ። በፐርሰንት የተሠራው ሁለተኛው ፒራሚድ ከመጀመሪያው ይልቅ ሥሩ የጠበበ ነው። ልጆቹ ግን 40 ሚሊዮን ሆነዋል፤ 17 ሚሊዮን ጨምረዋል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሁለተኛው ፒራሚድ በትምህርት ላይ ምን ያመለክታል የሚል ከሆነ፣ የሚያስፈልገው የመማሪያ ክፍል ብዛት ይቀንሳል የሚለው ምርጫ አሳሳች ነው፤ ድርሻን በመጠን የተካ ነውና። ጠቅላላው የሕዝብ ብዛት በጥያቄው ውስጥ በአንድ ጥግ ተጽፎ ከሆነ ያለ ምክንያት አልተጻፈም።

ከፒራሚድ የሚወጣው የተለመደ ስሌት በፈተናው ወረቀት ላይ ዲፔንደንሲ ሬሾ የሚባለው የጥገኝነት ምጣኔ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያውያን 45 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች፣ 52 ያህሉ ከ15 እስከ 64፣ 3 ያህሉ ደግሞ 65 እና ከዚያ በላይ ነበሩ። ብዙ ተማሪ 45 እና 3ን ደምሮ 48 ካገኘ በኋላ እዚያው ይቆማል፤ 48ም ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቀዋል። 48 የጥገኞች ድርሻ ነው። የጥገኝነት ምጣኔ ግን ጥገኞችን የሚያነጻጽረው ከመላው ሕዝብ ጋር ሳይሆን በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉት ጋር ስለ ሆነ፣ 48 ለ52 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 92 ገደማ ይመጣል፤ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ 100 ሰዎች 92 ጥገኞች ነበሩ ማለት ነው። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ሳያካፍሉ ማረጋገጥም ይቻላል፤ የጥገኞቹ ድርሻ ከሕዝቡ ግማሽ ሊደርስ ከተቃረበ ምጣኔው ወደ 100 መጠጋት አለበትና፣ 48 የሚል መልስ ገና ሲታይ ያንሳል።

በዚሁ የ1999 ቆጠራ ፒራሚድ ላይ አንድ አጠያያቂ ነገር ይታያል፤ ከ0 እስከ 4 ዓመት ያለው የታችኛው ባር ከእርሱ በላይ ካለው ከ5 እስከ 9 ዓመት ባር ያጥራል። በመማሪያ ክፍል ሕግ ከተሄደ ውልደት ቀነሰ ይባላል፤ በእርግጥም በኢትዮጵያ ውልደት መቀነስ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ብዙ ልጆች በሚወለዱበት አገር በቆጠራ ወቅት ጨቅላ ሕፃናትን ሳያስመዘግቡ መቅረት፣ ወይም የልጅን ዕድሜ ከፍ አድርጎ መናገር የታወቀ ችግር ነው፤ የባሩን ማጠር በሙሉ ለውልደት መስጠት አይቻልም። ጥያቄው ይህን ሊለይ የሚችል ማስረጃ የሚሰጥ ከሆነ ሁለት ነገር ማየት ይጠቅማል። ከታች ሁለትና ሦስት ባሮች በተከታታይ እየጠበቡ ከሄዱ የውልደት መቀነስ ይመስላል፤ አንዱ ባር ብቻ በድንገት ካጠረ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ሁለተኛው ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ የተሠራ ሌላ ፒራሚድ ካለ ነው፤ በመጀመሪያው ከ0 እስከ 4 የነበሩት በሁለተኛው ከ10 እስከ 14 ሆነው ይገኛሉ። ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ይሞታል ወይም ይሰደዳል እንጂ አዲስ የአሥር ዓመት ልጅ አይወለድም፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ከቀድሞው በልጦ ከተገኘ ወይ ከውጭ የገቡ አሉ፣ ወይ በመጀመሪያው ቆጠራ ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። ይህ ዓይነቱ ንጽጽር የሚሠራው ግን በሰው ብዛት በተሠራ ፒራሚድ ላይ ነው፤ በፐርሰንት ላይ አይሠራም።

መካከሉ ያበጠ ፒራሚድ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስደት ነው። የካታር ፒራሚድ በ20ዎቹ፣ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ በወንዶች በኩል በጣም ያብጣል፤ ምክንያቱ ከውጭ የሚመጡ ወንድ ሠራተኞች ብዛት ነው። በአገራችን የአዲስ አበባ ፒራሚድ በ1999 ቆጠራ ከ15 እስከ 29 ባለው የዕድሜ ክልል ሰፍቶ ሥሩ ጠቦ ይታያል፤ እብጠቱም በሴቶች በኩል ይበልጣል። እዚህ ሁለት ምክንያቶች በአንድ ላይ ይሠራሉ። ከክፍላተ ሀገር ለሥራና ለትምህርት የሚመጡ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ መካከሉን ያሰፉታል፤ የከተማዋ የውልደት መጠንም ዝቅተኛ በመሆኑ ሥሩ ይጠብባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜ ዘመኗ በአማካይ የምትወልደው በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6 ሲሆን በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። ከምርጫዎቹ አንዱ ስደትን ብቻ፣ ሌላው ውልደትን ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ቢያነሣ ሦስተኛው ይመረጣል።

ሠንጠረዡ ላይ የሌለውን ዓምድ መሥራት

የንግድ ሠንጠረዥ ከግራፍ ይልቅ ቀላል የሚመስለው ቁጥሮቹ በግልጽ ስለ ተጻፉ ነው። ጥያቄዎቹ ግን በአብዛኛው የሚመለሱት ሠንጠረዡ ላይ ባልተጻፈ ቁጥር ነው፤ ተፈታኙ ያንን ዓምድ በረቂቅ ወረቀቱ ላይ ራሱ መሥራት አለበት። ቀጥሎ ያለው ለመለማመጃ የተዘጋጀ ነው።

| | 1ኛ ዓመት | 2ኛ ዓመት |
|---|---|---|
| ጠቅላላ ወጪ ንግድ (ሚሊዮን ዶላር) | 2,000 | 3,000 |
| ጠቅላላ ገቢ ንግድ (ሚሊዮን ዶላር) | 8,000 | 10,500 |
| ከቡና የተገኘ (ሚሊዮን ዶላር) | 800 | 1,050 |
| የተላከ ቡና (ሺህ ቶን) | 200 | 210 |

ሀ. ወጪ ንግድ ከገቢ ንግድ በበለጠ ፍጥነት ስላደገ የንግድ ጉድለቱ ጠቧል።
ለ. ከቡና የተገኘው ገቢ ቀንሷል።
ሐ. የቡና ገቢ ያደገው በዋናነት በዋጋ መጨመር ነው።
መ. የአገሪቱ የክፍያ ሚዛን ጉድለት በ2ኛው ዓመት 7,500 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ምርጫ ሀ የመጀመሪያው ግማሹ እውነት ነው። ወጪ ንግድ በ50 በመቶ፣ ገቢ ንግድ በ31 በመቶ ገደማ አድጓል። ጉድለቱ ግን ከ6,000 ወደ 7,500 ሚሊዮን ዶላር ሰፍቷል፤ ምክንያቱም የትልቅ ቁጥር 31 በመቶ ከትንሽ ቁጥር 50 በመቶ ይበልጣል። ገቢ ንግዱ 2,500 ሲጨምር ወጪ ንግዱ የጨመረው 1,000 ብቻ ነው። ከፍ ያለ ገቢ ንግድና አነስ ያለ ወጪ ንግድ ባላት እንደ ኢትዮጵያ ባለች አገር ይህ ዓይነቱ ነገር በየጊዜው ይገጥማል፤ ወጪ ንግድ በፍጥነት አደገ የሚለውና ጉድለቱ ሰፋ የሚለው ዜና አብረው ሊሰሙ ይችላሉ፣ አንዱም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ወጪ ንግድ ከገቢ ንግድ ምን ያህሉን ይሸፍናል ተብሎ ቢጠየቅ ደግሞ ከ25 በመቶ ወደ 28.6 በመቶ ተሻሽሏል፤ ይህ የድርሻ ጥያቄ ነው፣ የፊተኛው የመጠን።

ምርጫ ለ የተሠራው ከድርሻ ነው። ቡና ከጠቅላላው ወጪ ንግድ የነበረው ድርሻ ከ40 ወደ 35 በመቶ ወርዷል፤ ገቢው ግን ከ800 ወደ 1,050 አድጓል። ሌሎቹ ምርቶች ከቡና ይበልጥ ስላደጉ ነው ድርሻው ያነሰው፤ ወርቅ ወይም አበባ በአንድ ዓመት በብዛት ሲላክ ቡና ምንም ሳይጎድልበት ድርሻው ይወርዳል።

ምርጫ ሐን ለመመርመር የሠንጠረዡን ሁለት ረድፎች አካፍሎ የአንድ ቶን ዋጋ ማግኘት ያስፈልጋል። በ1ኛው ዓመት 800 ሚሊዮን ለ200 ሺህ 4,000 ዶላር፣ በ2ኛው 1,050 ሚሊዮን ለ210 ሺህ 5,000 ዶላር ይመጣል። ዋጋው 25 በመቶ ሲጨምር የተላከው መጠን የጨመረው 5 በመቶ ብቻ ስለ ሆነ ምርጫው ትክክል ነው። ከዚህ ላይ ተነሥቶ አምራቾች ምርታቸውን በጣም አሳድገዋል የሚል ምርጫ ቢመጣ ይወድቃል፤ የዓለም ገበያ ዋጋ በቀጣዩ ዓመት ቢወርድ ያው ቡና ተልኮ ገቢው ይቀንሳልና።

ምርጫ መ የንግድ ሚዛንን ከክፍያ ሚዛን ጋር ያምታታል። ሠንጠረዡ ላይ ያለው የዕቃ ንግድ ብቻ ነው። በውጭ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ገንዘብ፣ የአየር መንገድ አገልግሎት ገቢ፣ ብድርና እርዳታ በክፍያ ሚዛን ውስጥ ይገባሉ እንጂ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ አይታዩም፤ ስለዚህ ከእርሱ ተነሥቶ የክፍያ ሚዛኑን ማወቅ አይቻልም።

በሠንጠረዡ አናት ላይ በቅንፍ የተጻፈው መለኪያ ዶላር ነው ወይስ ብር የሚለው ጥያቄ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ከፍተኛ ክብደት አግኝቷል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከለውጡ በፊትና በኋላ እኩል 3 ቢሊዮን ዶላር የላከች አገር በ57 ብር ሲሰላ 171 ቢሊዮን፣ በ114 ብር ሲሰላ 342 ቢሊዮን ብር ታገኛለች። በብር የተሠራ ሠንጠረዥ ወጪ ንግድ በእጥፍ እንዳደገ ያሳያል፤ የተላከው ዕቃም ሆነ የተገኘው ዶላር ግን ቅንጣት አልጨመረም። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲሰጥ የምንዛሪው ተመን ለየዓመቱ ተጽፎ እንደ ሆነ መፈለግ፣ ካለም ብሩን ወደ ዶላር መልሶ ማነጻጸር ይገባል።

የቀረው የምክንያት ጥያቄ ነው። «በሠንጠረዡ መሠረት» ወይም «በግራፉ መሠረት» ብሎ የሚጀምር ጥያቄና «ዋነኛ ምክንያቱ የትኛው ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ዓይነት አይደሉም። የፊተኛው የሚመለሰው ከሥዕሉ ብቻ ነው፤ በራሱ እውነት የሆነ ነገር እንኳን ሥዕሉ ላይ ከሌለ መልስ አይሆንም። የግሽበት ግራፍ ዋጋ መቼ በፍጥነት እንደ ጨመረ ያሳያል፤ የጨመረው በድርቅ፣ በነዳጅ ዋጋ ወይም በገንዘብ አቅርቦት መሆኑን ግን አያሳይም። ስለዚህ «በግራፉ መሠረት» የሚል ጥያቄ ሥር «በድርቅ ምክንያት ግሽበት ጨምሯል» የሚለው ምርጫ፣ በዚያ ዓመት ድርቅ እንደ ነበረ ተፈታኙ ቢያውቅም እንኳን ይታለፋል። ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ግን ከክፍል የተማረውን ከሥዕሉ ጋር አዛምዶ እንዲመልስ ይፈልጋል፤ ምግብ ነክ ግሽበት ብቻውን ሽቅብ ወጥቶ ምግብ ነክ ያልሆነው ባለበት ከቆመ የመኸር መበላሸት ወይም የእህል አቅርቦት ችግር አሳማኝ ምክንያት ይሆናል፤ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ጊዜ ተያይዘው ከወጡ ደግሞ የምንዛሪ ለውጥን፣ የነዳጅን ወይም የገንዘብ አቅርቦትን የሚያነሣው ምርጫ ይበልጥ ሚዛን ይደፋል።